የኪራይ ጭማሪ ደብዳቤ፦ በመቶኛው፣ አዲሱ ዋጋና ቀኑ ሲመረመሩ
በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ውላችሁ ሊያልቅ ሦስት አራት ወር ሲቀረው በበር ሥር ሾልካ ትገባለች፤ አለዚያ በፖስታ ሣጥን፣ አሁን አሁን ደግሞ በኢሜይል ትመጣለች። አነጋገሯ ትሁት ነው። «ውድ ነዋሪ» ብላ ትጀምራለች፤ ከእኛ ጋር ስለኖሩ እናመሰግናለን ትላለች። ቀጥላ ኪራይዎ በዚህን ያህል በመቶ ጨምሯል፣ አዲሱ ወርኃዊ ክፍያ ይህን ያህል ዶላር ነው፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይጸናል ትላለች።

የአብዛኛው ሰው ዓይን በቀጥታ የሚያርፈው አዲሱ ዋጋ ላይ ነው። «እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም?» ብሎ ያሰላስላል፤ የቻለ ይፈርማል፣ ያልቻለ ሌላ ቤት ማፈላለግ ይጀምራል። በመቶኛውን ግን ማንም አይመረምረውም። እኔ ዛሬ ስለዚህች በመቶኛ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። አከራዩ በጽሑፍ የሰጠው ቃል እሷ ናት፤ ቃሉ እውነት መሆኑን ደግሞ ማንኛችሁም በእጅ ስልካችሁ ማስላት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ወሰን ላብጅ። የምናገረው ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሕግ ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ብትገቡ፣ ወይም መንገዱን አቋርጣችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ብትገቡ ሕጉ ሌላ ነው። በካውንቲው ውስጥ እንኳ የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ከተሞች አሉ። ታኮማ ፓርክ ከዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ሆና የካውንቲው ሕግ ከመውጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ የራሷ የኪራይ ገደብ አላት። ሮክቪልና ጌይተርስበርግም የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትኖሩበት ሕንፃ በማን ሥር እንደሆነ እወቁ። በፖስታ አድራሻ ላይ «ሲልቨር ስፕሪንግ» መባሉ ብቻውን አይበቃም፤ ፖስታ ቤቱ የሚያውቀው ወሰንና ሕጉ የሚያውቀው ወሰን አይገጥሙም።

አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ጭማሪን የሚያውቀው በቃል ነው። አከራይዋ እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ከመጪው ወር ጀምሮ ሁለት ሺህ ብር ጨምሩ፤ የማይመቻችሁ ከሆነ ቤቱን ለቤተ ዘመድ ፈልጌዋለሁ» ይላሉ። በመቶኛ የለ፣ ቀን የለ፣ ወረቀት የለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ይህን ለመለወጥ ነው የመጣው። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ የሁለት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪ በዓመት ከአንድ ጊዜ አይበልጥ፣ መጠኑም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ይሁን ይላል። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከእሑድ ጠዋቱ ወግ የመጣ ሰው እዚህ አገር ወረቀት ሲደርሰው «ከተጻፈማ አለቀ» ብሎ ያስባል። የተጻፈ ነገር ግን ሊሳሳት ይችላል፤ ደግነቱ ስህተቱም አብሮ መጻፉ ነው።

እንግዲህ የካውንቲው ሕግ ደብዳቤው ላይ ምን እንዲሰፍር ያዛል? የመጀመሪያው እስከ አሁን የምትከፍሉት ወርኃዊ ኪራይ ነው። ከእሱ ጋር የሚጠየቀው አዲስ ኪራይና በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ተሰልቶ ይቀመጣል። ጭማሪው የሚጀምርበት ቀን ይጻፋል። ካውንቲው ለዚያ ጊዜ ያወጣው የጭማሪ መጠንም መጠቀስ አለበት። በመጨረሻም ጭማሪው በዝቷል ብላችሁ ካሰባችሁ ጉዳዩን የካውንቲው የቤቶችና የማኅበረሰብ ጉዳዮች መምሪያ እንዲመረምርላችሁ መጠየቅ እንደምትችሉ የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ይኖራል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከታች በትናንሽ ፊደል ይቀመጣል። እኔ ብሆን መነጽሬን አድርጌ እሱን ቀድሜ አነባለሁ።

ሕግ አውጪው አሮጌውን ዋጋ፣ አዲሱን ዋጋና በመቶኛውን አንድ ላይ መጠየቁ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱ ካሉ ሦስተኛውን ማንም አስልቶ ሊያገኘው ይችላል፤ ሦስቱም ሲጻፉ ግን አንዱ ሌላውን ይመሰክርበታል። አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ያጋልጡታል።

አሁን ወደ ካውንቲው መጠን እንምጣ፤ የሚመጣበትን መንገድ ሳያውቁ ቁጥሩን ብቻ መያዝ አይጠቅምምና። ከዚህ በፊት ካውንቲው በየዓመቱ የሚያወጣው መጠን ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም። አከራዩ በደብዳቤው ላይ «የካውንቲው መመሪያ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ የዚያን እጥፍ ይጠይቅ ነበር፤ ሕግ አልጣሰም። በ2023 በጁላይ ወር የካውንቲው ምክር ቤት ከረጅም ክርክር በኋላ በ7 ድምፅ ለ4 የኪራይ ማረጋጊያ ሕጉን አጸደቀ። ጭማሪን በ3 በመቶ አካባቢ እንዲገታ የሚፈልግ ሌላ ረቂቅም ቀርቦ ነበር፤ እሱ አላለፈም። ያለፈው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ማስፈጸሚያ ደንቡ ከጸደቀ በኋላ፣ ከጁላይ 23 ቀን 2024 ጀምሮ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የዋሽንግተን አካባቢ የሸማቾች ዋጋ ምን ያህል እንደጨመረ ይወሰዳል፤ በእሱ ላይ 3 ነጥብ ይደመራል፤ ድምሩ ከ6 በመቶ ከበለጠ 6 ላይ ይቆማል። በመጀመሪያው ዓመት፣ እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ድረስ፣ ጣሪያው 6 በመቶ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2025 እስከ ጁን 30 ቀን 2026 ላለው ጊዜ የዋጋ ዕድገቱ 2.7 ስለነበረ 3 ሲደመርበት 5.7 በመቶ ሆነ። ታኮማ ፓርክ ያቺን ተጨማሪ 3 አትደምርም፤ የዋጋውን ዕድገት ብቻ ነው የምትፈቅደው። አንድ መንገድ ተሻግሮ የሚኖር ጓደኛችሁ «የእኔ የጨመረው ጥቂት ነው» ሲላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ 5.7 ጣሪያ እንጂ ዋጋ አይደለም። አከራዩ ከዚያ በታች መጠየቅ ይችላል፤ ተከራይም ከዚያ በታች እንዲሆንለት ቢለምን ነውር የለውም። ብዙ ሰው ግን ጣሪያውን እንደ ተቆረጠ ዋጋ እያየ ድርድሩን ሳይጀምር ይተወዋል።

አሁን አንድ ደብዳቤ ይዘን እንሥራ። ቁጥሮቹን ለትምህርት እንዲመቹ ራሴ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ የስህተቱ ዓይነት ግን ደብዳቤ እንዳነብላቸው ይዘው በሚመጡ ሰዎች እጅ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

አንዲት እናት በ1960ዎቹ በተሠራ ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ እንበል። ደብዳቤው «ኪራይዎ በ5.7 በመቶ ይጨምራል፤ አዲሱ ወርኃዊ ኪራይ 1,985.05 ዶላር ነው፤ ከዲሴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይጸናል» ይላል። አሮጌው ኪራይ አልተጻፈም። 5.7 ከካውንቲው ጣሪያ ጋር እኩል ስለሆነ ሲያዩት ሁሉም ደኅና ይመስላል። እናታችን ግን ውላቸውን አውጥተው ሲያዩ «ወርኃዊ ኪራይ» በሚለው ቦታ 1,842 ዶላር ተጽፏል።

ስሌቱን አብረን እንሥራ። አዲሱ 1,985.05 ነው፤ አሮጌው 1,842 ሲቀነስለት 143.05 ይቀራል። ይህን ልዩነት በአሮጌው ኪራይ፣ በ1,842 አካፍሉት፤ ውጤቱን በ100 አባዙት። የሚመጣው 7.77 በመቶ ገደማ ነው። ደብዳቤው 5.7 ብሏል፤ ቁጥሮቹ ግን 7.77 ይላሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ልዩነቱን በአዲሱ ኪራይ ያካፈለ ሰው 7.2 ያገኛል፤ ይህ ስህተት ነው፣ ሁልጊዜም ጭማሪውን ከእውነቱ ያሳንሰዋል። ጭማሪ የሚለካው ከተነሳበት ነው፤ ስለዚህ የሚካፈለው በአሮጌው ነው።

ታዲያ 5.7 ከየት መጣ? ማንም ሆን ብሎ ዋሸ ለማለት አልቸኩልም። አዲሱን ኪራይ ወደ ኋላ መልሳችሁ፣ 1,985.05ን በ1.057 ብታካፍሉት 1,878 ታገኛላችሁ። 1,878 ምንድን ነው? ኪራዩ 1,842 ሲሆን በላዩ 36 ዶላር ተጨምሮበታል። እናታችን ምድር ቤት ላለችው የዕቃ ማስቀመጫ በየወሩ 36 ዶላር ይከፍላሉ። የሊዚንግ ቢሮው ኮምፒውተር በየወሩ ከሒሳባቸው የሚወጣውን ጠቅላላ ድምር እንደ ኪራይ ወስዶ 5.7 አስልቶበታል። በዚያ ላይ የዕቃ ማስቀመጫው 36 ዶላር አሁንም ለብቻው መከፈሉን ይቀጥላል። ባጭሩ ክፍያው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል፤ አንድ ጊዜ በኪራዩ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ በራሱ።

በትክክለኛው መነሻ ቢሰላ 1,842 በ1.057 ሲባዛ 1,946.99 ዶላር ይመጣል። ልዩነቱ በወር 38.06፣ በዓመት 456.72 ዶላር ነው። ይህን ሰምታችሁ «ለዚህ ብዬ ከቢሮ ጋር አልጣላም» የምትሉ አትጠፉም። ግን ነገሩ በአንድ ዓመት አያልቅም። የመጪው ዓመት ጭማሪ የሚሰላው ዘንድሮ በተከፈለው ኪራይ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ሾልኮ የገባ ትርፍ እንደ እርሾ ከሊጡ ጋር አብሮ ያድጋል። ከርሞ እንደገና 5.7 በመቶ ቢጨመር ያቺ 38.06 ዶላር 40.23 ትሆናለች፤ እዚያ ቤት እስከኖራችሁ ድረስም አትወጣም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ደብዳቤውን ብትመረምሩ ደግሞ ስሌቱ ልክ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ምክንያቱም የተበላሸው መነሻው ነው። ለዚህ ነው የየዓመቱን ደብዳቤ መጣል የሌለባችሁ። መነሻው ትክክል መሆኑን ለማየት ወደ መጀመሪያው ውል ድረስ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከክፍያዎች ሌላ መነሻውን የሚያምታታ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ቅናሽ ነው። ስትገቡ «ኪራዩ 2,000 ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት ግን 200 ቀንሰን 1,800 ትከፍላላችሁ» ተብላችሁ ይሆናል። ዓመቱ ሲያልቅ ደብዳቤው 5.7 በመቶን በ2,000 ላይ አስልቶ 2,114 ይጠይቃል። በወረቀቱ ላይ 5.7 ነው፤ ከኪሳችሁ ሲወጣ ግን ከ1,800 ወደ 2,114፣ ማለትም ከ17 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። እዚህ ላይ ፍርዱ የሚያዘነብለው ውሉ ላይ በተጻፈው ቃል ነው። ቅናሹ በውሉ ውስጥ በምን ስም፣ ለስንት ወር፣ ከየትኛው ኪራይ ላይ እንደተሰጠ ተጽፏል? ወይስ አልተጻፈም? እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ውሉን ይዞ ለመምሪያው ያሳይ እንጂ ከጎረቤት ጋር ተማክሮ ብቻ አይወስን። አዲስ ውል የምትፈርሙ ደግሞ ቅናሽ ሲሰጣችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ሁለተኛው ዓመት ከየት እንደሚነሳ ጠይቁ።

ስለ ሳንቲም አንድ ቃል ብቻ። 1,946.99 የነበረውን 1,947 ብሎ ያጠጋጋ ደብዳቤ ካያችሁ እለፉት፤ በሳንቲም ክርክር ውስጥ ዋናው ጉዳይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ፤ የእናታችን ደብዳቤ እዚያም ላይ ጉድለት አለበትና። ሕጉ ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት ተከራዩ 90 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያውቅ ያዛል። ሦስት ወር አላለም፤ 90 ቀን ነው ያለው፣ ስለዚህ በቀን መቁጠሪያ ይቆጠራል። ደብዳቤው ላይ የታተመው ቀን ሴፕቴምበር 15 ነው። በበር ሥር የገባው ግን ሴፕቴምበር 22 ነው፤ እናታችን ያን ዕለት ፎቶ አንስተውታል። ጭማሪው ዲሴምበር 1 እንዲጀምር ከተፈለገ ደብዳቤው እጃቸው መግባት የነበረበት ቢዘገይ ሴፕቴምበር 2 ነበር። ከሴፕቴምበር 22 ስንቆጥር 90ኛው ቀን ዲሴምበር 21 ላይ ይውላል። ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ መባቻ ስለሆነ አዲሱ ዋጋ በተግባር የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ነው። የታተመውን ቀን እንኳ ብንቀበል 90ው ቀን የሚሞላው ዲሴምበር 14 ነውና ዲሴምበር 1 አሁንም ቸኩሏል። ስለዚህ የዲሴምበር ኪራይ በአሮጌው ዋጋ፣ 1,842 ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ ገደብ አለ፤ በማንኛውም 12 ወር ውስጥ ከአንድ ጭማሪ በላይ አይፈቀድም። ያለፈው ጭማሪ መቼ እንደጀመረ አስታውሱ፤ በተለይ ሕንፃው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ከቀየረ። አዲሱ አስተዳዳሪ የአሮጌውን መዝገብ ሙሉ በሙሉ ሳይረከብ ሲቀር ሁለት ጭማሪ በ10 ወር ውስጥ ሊመጣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከሰማችሁ በኋላ የ9 በመቶ ደብዳቤ ደርሶት እየተናደደ ያለ ሰው እዚህ ይኖር ይሆናል። ቆይ፣ ጣሪያው የማይነካቸው ቤቶች አሉ። አዲስ የተሠሩ ቤቶች ለ23 ዓመት ከጣሪያው ነፃ ናቸው። ምክንያቱም ምክር ቤቱ ገደቡ አዲስ ግንባታ እንዳያስቆም ፈርቷል፤ ይህ ስጋት ልክ ነው አይደለም በሚለው ላይ ክርክሩ አሁንም አልበረደም፣ እኔ ግን ዛሬ አልገባበትም። በሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ያሉት ብዙዎቹ ረጃጅም የመስታወት ሕንፃዎች በዚህ ምክንያት ከጣሪያው ውጭ ናቸው። ነፃነቱ ግን ዘላለማዊ አይደለም፤ 23ኛው ዓመት ሲሞላ ሕንፃው ወደ ጣሪያው ሥር ይገባል። የተሠራበትን ዓመት የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የንብረት ግብር መዝገብ ውስጥ አድራሻውን አስገብታችሁ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ሌላው ነፃ የሚሆነው ግለሰብ ሆኖ በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት አከራይ ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ የሚከራይ ተጨማሪ መኖሪያም እንዲሁ ነው። ከጣሪያው ነፃ መሆን ግን ከደብዳቤው ነፃ መሆን አይደለም። የ90 ቀን ማሳወቂያው፣ በዓመት አንዴው፣ በመቶኛውን የመጻፍ ግዴታው ለእነዚህም ይሠራል።

ከጣሪያው በላይ ለመጨመር ሌላም በር አለ። አከራዩ ሕንፃውን ለማሳደስ ላወጣው ከፍተኛ ወጪ፣ ወይም ተገቢ ትርፍ አላገኘሁም ብሎ፣ ለመምሪያው ማመልከት ይችላል። ይህ ግን በማመልከቻና በፈቃድ የሚሆን ነው። «አሳንሰር ስላደስን» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤው ላይ ስለገባ ጣሪያው አይነሳም፤ የፈቃዱን ወረቀት አሳዩኝ ማለት ትችላላችሁ።

እናታችን ምን ያድርጉ? መጀመሪያ የማያደርጉትን ልናገር። ኪራይ መክፈል አያቁሙ። በሜሪላንድ ኪራይ አልተከፈለም የሚለው ክስ ፈጥኖ የሚታይ ነው። አከራዩ ክስ ከመመሥረቱ በፊት የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይሮጣል። በ38 ዶላር ክርክር ውስጥ ገብቶ 1,842 ያልከፈለ ሰው በዳኛ ፊት የሚቀርበው በተበዳይነት ሳይሆን በባለ ዕዳነት ነው። የማይከራከሩበትን መጠን በወቅቱ፣ ደረሰኝ በሚያስቀር መንገድ ይክፈሉ።

ቀጥለው ለሊዚንግ ቢሮው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ ኢሜይልም ይሆናል። ቁጣ አያስፈልገውም። «በውሌ ላይ ያለው ኪራይ 1,842 ዶላር ነው። በደብዳቤያችሁ የጠየቃችሁት 1,985.05 የ7.77 በመቶ ጭማሪ ነው። ለዚህ ጊዜ የተፈቀደው 5.7 በመቶ ሲሆን ይህም 1,946.99 ይሆናል። ማሳወቂያው የደረሰኝ ሴፕቴምበር 22 ነው። እባካችሁ መጠኑንና ቀኑን አስተካክላችሁ አዲስ ማሳወቂያ ላኩልኝ» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ የቢሮው ሠራተኛ ራሱ መነሻውን አላየውም ነበርና። ለዚህ ደብዳቤ ሲመልሱ አዲስ ማሳወቂያ ከላኩ የ90 ቀኑን ቆጠራ ከአዲሱ ደብዳቤ ጋር እንደገና ጀምሩ።

ካላለቀ 311 ደውላችሁ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ፣ አታፍሩ። ይዛችሁ የምትቀርቡት ውሉን፣ ያለፉትን የጭማሪ ደብዳቤዎች፣ አዲሱን ደብዳቤ ከነፖስታው ወይም ከነፎቶው፣ የከፈላችሁበትንም መረጃ ነው። በማግባባት ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ አከራይና ተከራይ ጉዳዮች ኮሚሽን ይሄዳል፤ ኮሚሽኑ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ እንዲመለስ ማዘዝ ይችላል። «አቤት ካልኩ ያስወጡኛል» የሚል ፍርሃት በየቤቱ አለ። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ተከራይ በቅንነት አቤቱታ ስላቀረበ ብቻ ማባረርን፣ ኪራይ መጨመርንና አገልግሎት መቀነስን ይከለክላል። ፍርሃቱ በዚህ ብቻ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ሁሉንም በጽሑፍ አድርጉት የምለው፤ አቤቱታው መቼ እንደቀረበና ቅጣት የሚመስለው ነገር መቼ እንደመጣ በቀን ተመዝግቦ ሲታይ ክርክሩ ሌላ ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ከመካከላችን አከራይ ለሆኑት ጥቂት ቃል አለኝ። አንዲት ኮንዶ ገዝታችሁ ያከራያችሁ፣ ቤዝመንታችሁን በፈቃድ ያከራያችሁ ብዙ ናችሁ፤ ተከራያችሁም ብዙ ጊዜ የአገራችን ሰው ነው። «ወንድሜ አይደለም እንዴ፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ብላችሁ በስልክ የምትጨምሩ አላችሁ። ከጣሪያው ነፃ ብትሆኑም በስልክ የተጨመረ ኪራይ ተከራዩ አልከፍልም ቢል የምትይዙት ነገር የላችሁም። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ይበቃል፤ ውላችሁ በእንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉት፦

«ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026። ለተከራይ፦ የቤቱ ወርኃዊ ኪራይ እስከ አሁን 1,700 ዶላር ነው። ከጁን 1 ቀን 2026 ጀምሮ ወርኃዊ ኪራዩ 1,785 ዶላር ይሆናል። ጭማሪው 5 በመቶ ነው። ካውንቲው ለዚህ ጊዜ ያወጣው የጭማሪ መጠን 5.7 በመቶ ነው። ጭማሪው በዝቷል ብለው ካመኑ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤቶችና የማኅበረሰብ ጉዳዮች መምሪያ እንዲመረምረው መጠየቅ ይችላሉ።»

ለጁን 1 የመጨረሻው መስጫ ቀን ማርች 3 ነው፤ በፌብሩዋሪ 20 የሰጠ ሰው አሥራ አንድ ቀን ተርፎታል ማለት ነው። ሁለት ቅጂ አትሙ፤ ተከራዩ በአንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀን ጽፎ ይፈርም፣ ያንን ቅጂ ከውሉ ጋር አስቀምጡት። ፖስታ የምትልኩ ከሆነ የመንገዱን ቀን ደምራችሁ ቀደም ብላችሁ ላኩ። የቤዝመንቱ መብራትና ውኃ በኪራዩ ውስጥ ከሆነ በዚያው ይቀጥል፤ ለብቻው የሚከፈል ነገር ካለ ከኪራዩ ጋር ሳትደምሩት በሌላ መስመር ጻፉት።

አሁን ደብዳቤ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ውላችሁንም አብራችሁ አውጡት።